ጥቁር ሂና ከተሳልኩ በ9ኛው ቀን ክንዴ በስዕሉ ቅርጽ ውሃ ቋጠረ

ቤቲ_31

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ለእረፍት ሄጄ መንገድ ዳር ከምትስል ልጅ ጋ ቁጭ አልኩና ከእጅ አንጓዬ እስከ ክንዴ መሃል የሐረግ ስዕል አሳልኩ። ጥቁር ሂና ነው። "ቅጠል ነው፣ ምንም የለውም" አለችኝ። በግማሽ ሰዓት ደረቀ፣ ታጠብኩት፣ ድብን ያለ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

8 ቀን ሙሉ ምንም የለም። በ9ኛው ማታ በላኝ። ትንኝ መስሎኝ አከክሁና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መስመሩ በሙሉ ከቆዳዬ በላይ ተነስቷል። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ቅጠሎቹን መቁጠር እችላለሁ። ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። የሐረጉ ግንድ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጥተው፣ አንዳንዶቹ ተገናኝተው ትልቅ ሆነዋል። ከስዕሉ ውጭ ያለው ቆዳዬ ግን ደህና ነው።

ሂና ለፀጉሬ ለዓመታት ተጠቅሜያለሁ፣ አንድ ቀን ነክቶኝ አያውቅም። ታዲያ ይሄ ምንድነው? ላፍርጠው? ሎሚ ቀብቼበት አንገበገበኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ቀቢበት ብላኛለች። ቅዳሜ ፀጉሬን ጥቁር ልቀባ ቀጠሮ አለኝ፣ እስከዚያ ቢደርቅልኝ ጥሩ ነበር።

ዳኒ_ቲ

ይሄ ኢንፌክሽን ነው እህቴ። መንገድ ዳር የሚሳል ነገር ንጽህና የለውም። አለርጂ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቁጭ ባልሽበት ይወጣብሽ ነበር። እኔ ኦቾሎኒ አይስማማኝም፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከንፈሬ ያብጣል። 9 ቀን ቆይቶ የሚመጣ አለርጂ ሰምቼ አላውቅም። አንቲባዮቲክ ጀምሪ። አፍርጠሽ አልኮል አድርጊበት፣ ቶሎ ይደርቃል። ሂናውን ግን አትፍሪው፣ ተፈጥሮ ነው።

ሲስተር_ር

ቤቲ፣ ከሁሉም በፊት የቅዳሜውን ቀጠሮ ሰርዢ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ እሱን ግን አሁኑኑ ደውለሽ ሰርዢው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ክንድሽን ስላላየሁት እንዲህ ነው ብዬ አልፈርምልሽም። ግን የጻፍሽው ነገር ደጋግሜ ያየሁት ነው። እብጠቱ ስዕሉን መስመር በመስመር ተከትሏል፣ ጎኑ ያለው ቆዳ ንጹህ ነው፣ ከህመሙ ይልቅ ማሳከኩ ይብሳል። ኢንፌክሽን እንዲህ አይነት ሥነ ሥርዓት የለውም። ከመስመር ይወጣል፣ ይሰፋል። ቅጠል ቅጠሉን ለይቶ የሚያብጥ ነገር ካለ፣ ቆዳው የተቆጣው ቀለሙ በነካበት ቦታ ብቻ ነው ማለት ነው።

ዳኒ፣ የአንተ ኦቾሎኒ ሌላ አለርጂ ነው፣ ፈጣኑ ዓይነት። የቤቲ ዘገምተኛው ነው። ሰውነቷ ከዚህ ቀለም ጋር ምናልባት የተዋወቀው ያን ቀን ነው። ቀለሙ ቆዳዋ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ የሰውነቷ መከላከያ ይሄንን ነገር ጠላት ብሎ መዝግቦ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆኑ ሴሎች አሰልጥኖ እስኪልክ ጊዜ ይፈጃል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት። ሴሎቹ ሲደርሱ ቀለሙ አሁንም እዚያው ነው፣ ጦርነቱ እዚያው ይጀመራል። 9ኛው ቀን ለዚህ ታሪክ ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ግን 9 ቀን አይጠብቅም። ሴሎቹ ሰልጥነዋል፣ በ1 ወይም በ2 ቀን ይደርሳሉ።

ጥፋቱ የሂናው ቅጠል አይደለም። ፒፒዲ የሚባል ነገር ነው፣ ሙሉ ስሙ ፓራ ፌኒሊንዳያሚን። ጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። የቅዳሜው ቀጠሮ አሁን ገባሽ?

አታፍርጪው። የቋጠረው ውሃ ጀርም አይደለም፣ የላይኛው ቆዳም እንደ ፋሻ እየጠበቀሽ ነው። ሎሚና የጥርስ ሳሙና ይቅር፣ አልኮልም እንደዚሁ። ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ 15 ደቂቃ ያህል አድርጊበት፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ከዚያ ነገ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት ያስፈልግሻል። ፊትሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ነገን አትጠብቂ። ማሳከኩ ወደ ህመም ከተለወጠ፣ መግል ካየሽ፣ ቅላቱና ሙቀቱ ከስዕሉ ውጭ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ካለሽ ያኔ የዳኒ አንቲባዮቲክ ይታሰባል።

ዳኒ_ቲ

እሺ ሲስተር፣ አልኮሉን ሰርዣለሁ። ግን "ሂና" ተብሎ የፀጉር ቀለም እጅ ላይ የሚቀባ ሰው አለ ነው የምትይው?

ባለኮን

አለ። ሂና መሳል ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል፣ እኔ ልንገርህ።

ጥቁር ሂና የሚባል ቅጠል በዓለም ላይ የለም። የሂና ቅጠል ዱቄት ሲቦካ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጭቃ ነው። ቆዳ ላይ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ከተቻለ ሌሊቱን መቆየት አለበት። ሲፈገፈግ የሚተወው ብርቱካናማ ነው። ደንበኞቼ "ይሄ ነው እንዴ?" ብለው ያኮርፋሉ። ከዚያ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ እየጠቆረ ሄዶ ቡናማ፣ መዳፍ ላይ ደግሞ ጥቁር ቡና ይሆናል። ክንድ ላይ የእርሳስ ጥቁር የሚሆን ሂና የለም፣ የክንድ ቆዳ ስስ ነው፣ ያን ያህል አይይዝም።

ስለዚህ ሰዓቱን ጠይቁ። "ስንት ሰዓት ይቆይ?" ስትሏት "ግማሽ ሰዓት ይበቃል" ካለች ተነሱ። ጭቃው ከሚጨመቅበት ኮን ሲወጣ ጥቁር ከሆነ ተነሱ። ታጥባችሁት ወዲያው ጥቁር ከሆነ ግን መነሳቱም አልፏል። ጭቃውን አሽትተው ለመለየት የሚሞክሩ አሉ፣ እኔ አላምንበትም። እኛም ጭቃው ላይ ኃይለኛ ሽታ ያለው የቅጠል ዘይት እንጨምራለን።

የሚስሉት ሁሉ ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ የተዘጋጀ ኮን ገዝተው ነው፣ ላዩ ላይ "ሂና" ይላል፣ ውስጡን አያውቁትም። እያወቁ የሚያደርጉትን ግን ይቅር አልላቸውም። የሙያችንን ስም አበላሹት።

ንቅስ_በንቅስ

እኔም ላይ ደርሷል። ትከሻዬ ላይ ያለው ጽጌረዳ ከተነቀሰ 2 ዓመት በኋላ ቀዩ ቀለም ብቻ አብጦ ያሳክከኛል። ጥቁሩ ደህና ነው። በሌዘር ላስነሳው? ቤቲ አንቺም በሌዘር አስነሺው።

ባለኮን

ወንድሜ፣ የአንተ በመርፌ የገባ ንቅሳት ነው። የእሷ ከላይ የተቀባ ነው፣ ቆዳዋ ሲታደስ አብሮ ይሄዳል። ሌዘር የሚያስነሳው ነገር የለም።

ሲስተር_ር

የቀይ ቀለሙም አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሌዘር ከማሰብህ በፊት ለቆዳ ሐኪም አሳየው። ቀለሙ ሲሰባበር ምላሹ የሚብስባቸው ሰዎች አሉ።

ዳኒ የጠየቀውን ልጨርስ። ፒፒዲ ራሱ ጥቁር አይደለም። ጥቁር የሚሆነው አየር ሲያገኝ፣ ኦክሳይድ ሲሆን ነው። ተንኮሉ መሃል መንገድ ላይ ነው። ግማሽ በግማሽ ኦክሳይድ ሲሆን የቆዳ ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል፣ መከላከያችን የሚያስተውለውም ያን ጊዜ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ ከኦክሳይድ ክሬም ጋር ስለሚደባለቅ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ትልቅ ቀለም ይሆናል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ይታጠባል። ያኛውም ቢሆን አለርጂ ያመጣል፣ ግን ቢያንስ መጠኑ የተገደበ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ ማለፍ የለበትም፣ ቆዳ ላይ ለመሳል ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። በአሜሪካም ሂና ራሱ የተፈቀደው ለፀጉር ብቻ ነው። የጥቁር ሂና ናሙናዎች ሲመረመሩ ግን ከ15 በመቶ በላይ ፒፒዲ የተገኘባቸው አሉ። ያለ ኦክሳይድ ክሬም፣ ስስ ቆዳ ላይ፣ አንዳንዴም ሳይታጠብ ለሰዓታት። አለርጂ ለማስያዝ ሆን ብለህ ብታስብ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አታገኝም።

ቤቲ_31

ቀጠሮውን ሰርዣለሁ። ፀጉር ቤቷ ተቆጥታኛለች፣ ግድ የለም።

ዛሬ ሐኪም አየኝ። እጄን ገልጦ ሲያይ ገና ሳልናገር "ጥቁር ሂና?" አለኝ። ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት በቀን 2 ጊዜ ለ2 ሳምንት፣ ስዕሉ ላይ ብቻ። ለማታ የሚያስተኛ የአለርጂ ክኒን ሰጠኝ፣ ግን "ይሄ እንቅልፍ እንጂ መድኃኒት አይሆንሽም፣ ሥራውን የሚሠራው ቅባቱ ነው" ብሎኛል። ከክንዴ አልፎ ከሄደ የሚዋጥ ስቴሮይድ እንደሚጀምርልኝ ነገረኝ። ትልቁ ውሃ የቋጠረው ዛሬ ታክሲ ውስጥ በራሱ ፈረጠ፣ ቆዳውን አልላጥኩትም፣ በንጹህ ፋሻ ሸፍኜዋለሁ።

ስቴሮይድ ሲባል ፈራሁ፣ ቆዳ ያሳሳል ይባላል።

ሲስተር_ር

ለወራት ከተቀባ፣ በተለይ ፊት ላይ፣ አዎ። ክንድ ላይ ለ2 ሳምንት ከሆነ ልትፈሪ የሚገባሽ በፍርሃት አሳንሰሽ መቀባትሽን ነው። መቆጣቱ በረዘመ ቁጥር የሚተወው ምልክት ይብሳል።

ጥቁር_ጠጉር

የፀጉሩን ነገር እኔ ልመስክር፣ ቤቲ አንብቢው።

በ12 ዓመቴ ዘመዶቼ ጋ ሄጄ እጄ ላይ ጥቁር ጊንጥ ተስሎልኝ ነበር። ትንሽ በላኝ፣ ሽፍታ ነገር ወጣ፣ ጠፋ። ማንም ልብ አላለውም። በ20 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሬን ጥቁር ተቀባሁ። ማታ ጆሮዬ ጫፍ ላይ በላኝ። በማግስቱ ግንባሬ አበጠ። በ2ኛው ቀን ዓይኖቼ አልተገለጡም፣ እናቴ በእጅ እየመራች ወሰደችኝ። ከፀጉሬ መስመር እስከ አንገቴ እየፈሰሰ ነበር። የገረመኝ ነገር፣ ቀለሙ የተቀባበት የራስ ቆዳዬ ከፊቴ በጣም የተሻለ ነበር። ሐኪሙ "ከዚህ በፊት ጥቁር ሂና ተስለሽ ታውቂያለሽ?" ሲለኝ በፍጹም አልኩ። እናቴ ናት ጊንጡን ያስታወሰችው። 8 ዓመት አልፎት ነበር፣ ሰውነቴ ግን አልረሳውም።

ዘሪቱ_ኬ

እኔ ቀላል መፍትሔ አለኝ። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። ምንም ካልሆነ በሰላም ተቀቡ። ጥቁር ሂናም እንዲሁ በትንሹ ሞክሮ ማየት ነው። እና ደግሞ አሞኒያ የሌለውን ግዙ፣ አለርጂ የሚያመጣው አሞኒያው ነው።

ሲስተር_ር

ዘሪቱ፣ ከጆሮ ጀርባ መሞከሩ አስቀድሞ አለርጂ የያዘውን ሰው ሊይዝ ይችላል፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። የፀጉር ቀለም ፓኬቶችም ላይ ተጽፏል። ጥቁር ሂናን ግን በትንሹ መሞከር ትርጉም የለውም። ቤቲ በ48 ሰዓት ብታይ ኖሮ ምን ታይ ነበር? ምንም። በ8ኛው ቀንም ምንም። እንዲያውም ሙከራው ራሱ ትውውቁን ሊጀምረው ይችላል። ጥቁር ሂና የነካቸውና ቆዳቸው የተቆጣ ሰዎች ደግሞ እቤታቸው ምንም ባይሞክሩ ነው የሚሻለው።

አሞኒያው የፀጉሩን ቅርፊት የሚከፍት ነው፣ ሽታው ስለሚከረፋ ሰው ሁሉ በእሱ ያመካኛል። ፒፒዲ አሞኒያ በሌለው ፓኬት ውስጥም ተመችቶት ይቀመጣል። መነበብ ያለበት የፊቱ ትልቅ ጽሑፍ ሳይሆን የጀርባው ደቃቅ ጽሑፍ ነው።

ጥቁር_ጠጉር

እኔ ፒፒዲ የሌለው የሚል ቀለም አግኝቼ ነበር። ጀርባው ላይ ቶሉዊን ዳያሚን ይላል። ሐኪሜ "የአክስቱ ልጅ ነው፣ አንዳንዱን ሰው አይነካውም፣ አንቺን ግን ሳንመረምር አልመክርሽም" አለኝ። አልሞከርኩትም። ሽበቴን ለምጄዋለሁ፣ ግን አንዳንዴ ያምረኛል።

ባለኮን

ንጹህ ሂናና ኢንዲጎ አለልሽ እኮ። ሁለት ቅጠሎች ናቸው፣ መጀመሪያ ሂናውን፣ ከዚያ ኢንዲጎውን፣ ጥቁር ይሆናል። ፒፒዲ የማይስማማት ደንበኛ አለችኝ፣ ለዓመታት እንዲህ ነው የምትቀባው።

ሲስተር_ር

ንጹህ ከሆነ እስማማለሁ። "ከሆነ" የምትለዋ ቃል ናት ችግሬ። "ጥቁር ሂና ለፀጉር" ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ውስጥ ፒፒዲ የተቀላቀለበት አለ። የአንቺ ደንበኛ አንቺን ታምናለች። ቤቲ ማንን ትመን?

ባለኮን

እሱ ላይ መልስ የለኝም። እኔ የማምነውን እየገዛሁ ነው የምሠራው።

የአቤል_አባት

ውይይቱን አንብቤ ደነገጥኩ። የ6 ዓመት ልጄ ከትናንት ወዲያ ክንዱ ላይ ዘንዶ ተስሎለታል። ድብን ያለ ጥቁር ነው፣ 20 ደቂቃ አልፈጀም። እስካሁን ምንም የለበትም። ፈግፍጌ ላስለቅቀው? በምን ይለቃል?

ሲስተር_ር

አባቱ፣ አይፈግፈጉት። በሳሙናና በውሃ ቀስ ብለው አንዴ ይጠቡት፣ ላዩ ላይ የቀረ ካለ ይሄዳል። ወደ ቆዳው የገባው አይለቅም፣ ቆዳውን ልጦ መፈግፈግ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የተሳለ ሁሉ አለርጂ አይዘውም፣ ብዙ ልጆች ምንም ሳይሆኑ ያልፋሉ። እስከ 3 ሳምንት ይከታተሉት። ካሳከከው ወይም መስመሩ ከቆዳው ከፍ ካለ ውሃ እስኪቋጥር ሳይጠብቁ ያሳዩት። ምንም ባይወጣም የተሳለበትን ቀን ጻፉና አስቀምጡ፣ አንድ ቀን ፀጉሩን ሊቀባ ይችላል።

የአቤል_አባት

እግዚአብሔር ይስጥልን ሲስተር። ዘንዶውን በጣም ወዶታል፣ ላጥበው ነው ስለው አለቀሰ።

ቤቲ_31

ተመለስኩ፣ 8ኛ ሳምንቴ ነው። የሆነውን ልጻፍ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ቅባቱ በ3ኛው ቀን ማሳከኩን አበረደው። በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ እብጠቱ ጠፋ፣ ቅርፊቱ ረገፈ። ከዚያ ጀርባ ላይ ለሚደረግ የአለርጂ ምርመራ ተላክሁ። ቆዳው በደንብ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ፣ በተቆጣ ቆዳ ላይ ውጤቱ አይታመንም አሉኝ። ጀርባዬ ላይ ረድፍ ረድፍ ትንንሽ ክዳኖች ለጠፉ፣ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። 2 ቀን መታጠብ የለም፣ ማላብ የለም። ፒፒዲው ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ነው የሚደረገው፣ እኔ ውሃ ስለቋጠርኩ በጣም የቀጠነውን አስቀደሙልኝ። በ2ኛው ቀን ሲነሳ ቀልቷል። በ4ኛው ቀን ሲነበብ አብጦ ትንንሽ ውሃ ቋጥሯል። ንጹህ የሂና ዱቄትም አብረው ለጥፈው ነበር፣ እሱ ምንም አላደረገኝም።

ወረቀት ሰጡኝ። ፒፒዲ ለዕድሜ ልክ ይላል። ሐኪምና የጥርስ ሐኪም ጋ ስሄድ እንድናገር አሉኝ፣ ቤንዞኬይን ያለባቸው የማደንዘዣ ቅባቶች የፒፒዲ ዘመድ ስለሆኑ።

ሐረጉ አሁንም አለ። ጥቁሩ ሄዶ በቦታው ከቆዳዬ የነጣ ሐረግ ቀርቷል፣ ቅጠሉ ሳይቀር። ጸሐይ ላይ ይበልጥ ይታያል። "በወራት ይመለሳል፣ ግን ቃል አልገባልሽም" ተብያለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ጥቁር ገበር ያለው ጃኬቴን ስለብስ ብብቴ ሥር ይበላኛል። ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይስ እኔ ነኝ ፈሪ የሆንኩት?

ሲስተር_ር

ሊገናኝ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሚያጠቁሩ አንዳንድ ቀለሞች ፒፒዲን የለመደ ሰው ላይ ይነሳሉ፣ ላብና ፍትጊያ ባለበት ደግሞ ይብሳል። ገበሩ ሰው ሠራሽ ነው? በወረቀቱ ላይ የጨርቅ ቀለሞች ተመርምረው እንደሆነ እዪ፣ ካልተመረመሩ ጠይቂያቸው። እስከዚያ ከሥሩ ነጭ የጥጥ ቲሸርት ልበሺና ልዩነት ካለው ንገሪን።

ዳኒ_ቲ

እኔ አንቲባዮቲክ ያልኩት ይቆጠርልኝ ይሆን?

ቤቲ_31

አልኮሉ ነው የሚቆጠርብህ። ጃኬቱ ፖሊስተር ነው ሲስተር። ወረቀቱን ሳየው የጨርቅ ቀለም የሚል የለም። ሰኞ እደውላለሁ።

የአቤል_አባት

የእኛ 3 ሳምንት ካለፈው ቆየ፣ ምንም አልወጣበትም። ዘንዶው ከጠፋ በኋላ በሌላ ቦታ እንዲሳልለት እየጠየቀ ነው። እስክሪብቶ ገዝቼለት እኔው እየሳልኩለት ነው፣ ዘንዶዬ አዞ ይመስላል እያለ ይስቅብኛል።